ክዳኑ ሳይነሳ የተባለ ምርቃት

ልጄ ረቡዕ ጠዋት ደወለችልኝ። ሰላምታዋ አጭር ስለነበር የምታዘኝ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ።

«እማዬ፣ እሑድ ምሳ ላይ ከምግብ በፊት የሆነ ነገር ትያለሽ።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«አጭር። ሠላሳ ሰከንድ ቢበዛ። ሁሉም አሜን ሊለው የሚችል።»

«ወንድሜስ?»

«ጋሼ ይምጣ፤ ግን እሱ አይጸልይ። ፕሊስ እማዬ። ሐጃም ይመጣሉ።»

ሐጃ የአማቼ እናት ናቸው፤ የሞያሌ ሴት። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ፣ እንደገና ገባሁ። የምሳው ጉዳይ ምሳ እንዳልሆነ ልጄም አማቼም እኔም እናውቅ ነበር። ልጄ እዚህ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ትሠራለች፤ ለአራት ወር ወደ ሌላ አገር ሊልኳት ነው። ባሏ ኢስሊ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው፤ ከወሩ ግማሹን በሞያሌ መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ በእነዚያ አራት ወራት የት ትኑር? ወይ ላቪንግተን እኔ ጋ ትቀመጣለች፣ ከትምህርት ቤቷ አሥር ደቂቃ በእግር፤ ወይ ትምህርቷን አቋርጣ ሞያሌ ሐጃ ጋ ትሄዳለች። አማቼ ደግ ልጅ ነው። ነገር ግን እናቱ እሺ ሳይሉ ልጁን የትም አያስቀምጥም። እሳቸው ደግሞ የእኔን ቤት አያምኑትም።

የማያምኑበትን ምክንያት ልጻፍ።

ከሰባት ዓመት በፊት ልጄ ስታገባ ሁርሊንግሃም ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አዳራሽ ተከራይተን የሁለቱን ቤተሰብ ምሳ አበላን። ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ተገዛ። መጠጡ ለስላሳ ብቻ ሆነ። ሐጃ እህቶቻቸውንና የእህቶቻቸውን ልጆች ይዘው ዐሥራ አራት ሆነው መጡ። ትሪዎቹ ተከፍተው እንፋሎቱ እየወጣ ሳለ ታላቅ ወንድሜ ብድግ አለ። አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግዕዝ ደገመ። በዚህ አላበቃም። ከትሪ ወደ ትሪ እየዞረ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በስመ አብ እያለ እያንዳንዱን ምግብ በመስቀል ምልክት ባረከ። ማዕድ በእጅ መባረክ የካህን ሥራ ነው። ወንድሜ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፣ ከዚያ አላለፈም፤ ዲያቆን እንደማይባርክ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። የኛ ሰዎች ተነሥተው አማተቡ። የእነሱ ሰዎች የታጠበ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

ማንም አልተሳደበም። ሐጃ አንድ ሙዝ ልጠው በሉ፤ የታሸገ ውሃ ከፍተው ጠጡ። እህቶቻቸውም እንደሳቸው ሙዝ ልጠው በሉ። ዐሥራ አራት ሰው ሙዝ ሲልጥ ማየት ምን እንደሚመስል የማውቅ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሲመጡ ልጣጭ ያለው ፍሬና የታሸገ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር በአፋቸው አይገባም። ሻያቸውን በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን ማንኪያም ከቦርሳቸው አወጡ። አማቼ አፍሮ፣ «እማ፣ ሃይማኖቱ እንደዚህ አላለም፤ ይሄ የእናቴ ሆድ ነው» ብሎኛል። አውቃለሁ። ሆድ ግን ከሃይማኖት ይልቅ ግትር ነው። ማንኪያዋን አልረሳሁላቸውም።

ለወንድሜ ደግሞ ብዙ ነገር አልረሳሁለትም። አባባ ከሞተ ጀምሮ በየግብዣው ብድግ የሚለው እሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው። ልጄ ሙስሊም ልታገባ ነው ሲባል፣ «ያሳደግሽው ነው የመጣብሽ» ያለኝ እሱ ነው። ራሱ ግን በየቅዳሜው ከጓደኞቹ ጋር ጥብስ የሚበላበት ቤት ሥጋው በማን እንደሚታረድ ጠይቆ አያውቅም። እዚህ አገር በየሥጋ ቤቱ የሚሰቀለውን ሥጋ በአብዛኛው ሙስሊም ነው የሚያርደው፣ ሁሉም ሰው ያለ ጥያቄ እንዲበላው። አዲስ አበባ ሆኖ በእስላም ሥጋ ስም እጁን የሚሰበስብ ሰው ናይሮቢ ሃያ ዓመት ሙሉ ጣቱን ይልሳል። ይህችን ነገር ለአንድ ቀን ብዬ አስቀምጫት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወረቀት አወጣሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጊጊሪ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የስብሰባ ጽሑፍ አዘጋጅና ተርጓሚ ነበርኩ። ሥራዬ የማይስማሙ ሰዎች ሁሉ ሊፈርሙበት የሚችሉት ዓረፍተ ነገር መፈለግ ነበር። ይህ የሚሠራው ቆንጆ ቃል በመጨመር አይደለም። አንድ ሰው እንኳ እጁን የሚያነሣበትን ቃል እያወጡ፣ የቀረው ይቆማል ወይስ ይወድቃል ብሎ በማየት ነው።

መጀመሪያ «አምላካችን ሆይ፣ ይህንን ማዕድ ባርክልን» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። ሁለት እሾህ ነበረው።

አንደኛው «ማዕድ ባርክ» የሚለው ነው። ሐጃን ያስቀየማቸው በምግቡ ላይ የተባለው ነገር ነው፤ እኔም በምግቡ ላይ ልናገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምግቡን ተውኩት። ቃሉ የሚያርፈው በሰዎቹ ላይ ይሁን አልኩ፤ በሚበሉት ላይ እንጂ በሚበላው ላይ አይሁን። ከዚህ አንድ ሌላ ነገር ተከተለ፦ ንግግሬ እስኪያልቅ ድረስ ምግቡ ክዳን ይኑረው። ክዳኑ የሚነሣው ንግግሩ ካበቃ በኋላ ነው። ያኔ በምግቡ ላይ ምንም አልተባለም፤ ሁሉም ያየዋል፣ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው እሾህ «ሆይ» ብሎ መጥራቱ ነበር። ፈጣሪን አንተ እያልኩ ከተናገርኩ ጸሎት ነው፤ እኔም ጸሎት መሪ ነኝ። ሐጃ በአንዲት ክርስቲያን ሴት ተመርተው አይጸልዩም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልጸልይም። ምርቃት ግን ሌላ ነው። ምርቃት ሞያሌም አለ፣ ጎጃምም አለ፣ ኢስሊ ሱቅ ሲከፈትም አለ። ትልቅ ሰው ይመርቃል፣ ሌላው አሜን ይላል፣ አሚን የሚለውም አሚን ይላል፤ ድምፁ አንድ ላይ ይወድቃል። በምርቃት ፈጣሪ «አንተ» ሳይሆን «እሱ» ነው፤ ይስጥ፣ ያድርግ፣ ያቆይ እየተባለ ይነገራል። ማንም ማንንም አይመራም።

ጌታችን የሚለውን አልጻፍኩም። እሳቸውም ይሉታል፣ እኛም እንለዋለን፤ ግን እኛ ስንለው ማንን እንደምንል ያውቃሉ። ፈጣሪ በቃ። መጨረሻ ላይ «በ… ስም» የሚለውን መዝጊያ ተውኩት። ይህ ወንድሜን እንደሚያሳክከው አውቃለሁ፤ ለእሱ ያለዚያ የተባለ ነገር በሩ ሳይዘጋ የቀረ ቤት ነው። ስለዚህ ለእሱም ቦታ ፈለግሁለት። መጨረሻ ላይ አጭር ዝምታ አደረግሁ። በዚያ ዝምታ እሱ በራሱ ደረት ላይ ያማትብ፤ ሐጃ ቢስሚላህ ይበሉ፤ የማይል ዝም ይበል። ቆመን እንዳይሆን ደግሞ ወሰንኩ። አቡነ ዘበሰማያት በቁም ነው፤ ከተነሣን ወንድሜ ይቀጥላል። የሐጃም ጉልበት ያማቸዋል።

አምስት መስመር ሆነ፦

ለዚህ ቀን ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን።
የተራራቅነውን በአንድ ገበታ የሰበሰበን ይመስገን።
ለእኛ እንደሰጠን ላጡትም ይስጥ።
ትልቁን ያቆይልን፣ ትንሹን ያሳድግልን፣ መንገደኛውን በሰላም ይመልስልን።
አሁን ሁላችንም በየልባችን።

እየቆጠርኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አሜኖቹን ጨምሮ ሃያ ስድስት ሰከንድ። ለልጄ በስልክ ላክሁላት፤ አውራ ጣት ብቻ መለሰችልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሠራሁት ሥራ ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ አልጻፍኩም፤ የመጣልኝ ምስጋና አንድ አውራ ጣት ነው።

በምግቡም ላይ እንዲሁ አደረግሁ። ሥጋ ከሆነ የማን እጅ አረደው የሚል ይመጣል። ዓሣ ግን ማንም አያርደውም፤ ከውሃ ሲወጣ አለቀ። ቅዳሜ ሁርሊንግሃም ሄጄ አራት ትልልቅ ቲላፒያ ገዛሁ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር ሠራሁ። ሌሊቱን በቅጡ አልተኛሁም፤ እሑድ ሳይነጋ ተነሥቼ ክዳን ያላቸውን ድስቶች ቆጠርኩ። አንዱ ክዳን ጎደለ። የፓስታውን ድስት ክዳን ብገጥምበት ሰፋ። እንዲሁ ተውኩት።

ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። የግቢው ዘበኛ በሩን እስኪከፍትለት መኪናውን ሦስት ጊዜ አስጮኸ።

«ሽታው ዓሣ ነው» አለ ገና ከበሩ።

«ዓሣ ነው።»

«ጾም ገባ እንዴ? እኔ ሳላውቅ?»

«ተቀመጥ ጋሼ። ነገ እንደማትናገር ልጄ ነግራሃለች አይደል?»

«ዛሬ ማለትሽ ነው።»

«ዛሬ።»

«ነግራኛለች» አለ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። እንደ እንግዳ።»

ሐጃ ከልጄና ከአማቼ ጋር ደረሱ። የልጅ ልጄ ቀድማ ሮጣ ገባች። «እማማ! ሳሳ! ዛሬ ስዊሚንግ ሄጄ ውሃ ዋጥኩ» ብላ፣ በትምህርት ቤቷ ስዋሂሊ ሰላም እያለችኝ ወገቤን አቀፈችኝ፤ ፀጉሯ ገና እርጥብ ነበር። ሐጃ ከበሩ ላይ ቆመው ሁለታችንን አዩን። ማየታቸውን አየሁ። ፔርሙዛቸው በእጃቸው ነበር።

«እንዴት ናችሁ? ሁሉ ደህና?» አሉ።

«ደህና ነን፤ እርስዎ እንዴት ነዎት? መንገዱ?»

«ናይሮቢ መንገድ አለው እንዴ? መኪና ብቻ ነው ያለው» አሉ፤ ወንድሜ ሳይፈልግ ሳቀ።

አማቼ ማስታጠቢያውን ይዞ እጅ አስታጠበ፤ ከሐጃ ጀምሮ ወደ ወንድሜ። ሁሉም ተቀመጠ። ክዳኖቹ በገበታው መካከል እንደተከደኑ ነበሩ። ሐጃ ክዳኖቹን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«አይከፈትም?»

«መጀመሪያ እመርቃለሁ፤ ከዚያ ይከፈታል» አልኳቸው።

ነገሩ ወዲያው ገባቸው። የፔርሙዛቸውን ክዳን ለመፍታት የጀመሩትን ትተው ከወንበራቸው ሥር አስቀመጡት። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከፍተው ወደ ላይ ያዙ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሆነ ነገር ነበር። ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ አታበላሺው ማለቷ ነው።

ጀመርኩ። ወረቀቱ አጠገቤ ነበር፤ አላየሁትም።

«ለዚህ ቀን ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን።»

«አሜን» አሉ። «አሚን» አሉ። አንድ ላይ ወደቀ፤ እንዳሰብኩት።

«የተራራቅነውን በአንድ ገበታ የሰበሰበን ይመስገን።»

«አሜን።»

«ለእኛ እንደሰጠን ላጡትም ይስጥ።»

«አሜን።»

«ትልቁን ያቆይልን፣ ትንሹን ያሳድግልን፣ መንገደኛውን በሰላም ይመልስልን።»

«አሜን!» የልጅ ልጄ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ወጣ።

የቀረኝ አንድ መስመር ነበር። በዚያች ቅጽበት ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ተጎዳ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያ አንገት መድፋቱ አናደደኝ። ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ተበዳይ መምሰሉ። አፌ ወረቀቱ ላይ የሌለውን አወጣ።

«ገበታ ከሚበትን እጅም ይሰውረን።»

ልጄ «አሜ…» ብላ ጀምራ አቆመች። አማቼ ሳል መጣበት። ወንድሜ አሜን አላለም። በጸሎት ጊዜ አንድ ሰው ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ በምርቃት ግን ያልተባለ አሜን ጮክ ብሎ ይሰማል።

ሐጃ የከፈቱትን መዳፍ ቀስ ብለው ዘጉት። ፊታቸውን አላበሱበትም። እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ፤ ልክ እንደዚያ ቀን።

«ምነው ሐጃ?» አልኩ።

«እኛ አገር» አሉ ረጋ ብለው፣ «ምርቃት መሐል ሰው የተወጋበት እንደሆነ አይቀበሉትም። ያ ምርቃት አይደለም፤ እርግማን ነው። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ለእኔ ከሆነ ግን ንገሪኝ።»

«ለእርስዎ አይደለም! ወላሂ ለእርስዎ አይደለም» አልኩ፤ ከድንጋጤዬ የተነሣ በሳቸው መሐላ ማልኩ።

«ታዲያ ለማን?»

«ለእኔ ነው» አለ ወንድሜ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ኮፍያውን ከጉልበቱ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለእኔ ነው ሐጃ። ያን ቀን ገበታውን የበተንኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ነው የምትለው። ሰባት ዓመት ሙሉ ትለዋለች፤ እኔም ሰባት ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ። ዛሬ ግን በፈጣሪ ፊት ስትወጋኝ ዝም አልልም።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያዘዝሽኝ። ኮሪደሩ ላይ። ወይስ ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። እስከዚህ ድረስ ያልጻፍኩት እሱን ነው።

ከሠርጉ ምሳ ሁለት ሳምንት በፊት ኒካው፣ የእነሱ የጋብቻ ሥርዓት፣ ኢስሊ ታሰረ። እኔ በሴቶቹ ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከወንዶቹ ክፍል በድምፅ ማጉያ ዱዓ ሲመጣ ሁሉም መዳፉን ከፈተ፤ እኔ መዳፌን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ሥራው ትርጉም ለሆነ ሰው ማንም አንዲት ቃል አልተረጎመም። ልጄ ስታገባ ለእኔ የሚሆን አንድ ቃል እንኳ ሳይባል ቀረ አልኩ። በምሳው ቀን ወንድሜን ኮሪደሩ ላይ አቆምኩት። «አባባ እንደሚያደርገው አድርግልኝ» አልኩት። «ምንም አታስቀር። ይስሙት።» እሱ፣ «እጅ መዘርጋት እኮ የኔ አይደለም» ብሎ ነበር። «አድርግልኝ» አልኩ። እሺ ያለው ለእኔ ብሎ ነው። ዐሥራ አራቱ ሰዎች ሙዝ ሲልጡ ሳይ ግን ከሁሉ ቀድሜ ዞሬ ያየሁት እሱን ነበር፤ ለልጄም ያን ማታ፣ «አጎትሽ አዋረደን» አልኳት።

«እማዬ?» አለች ልጄ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ከጩኸት ይብሳል።

መካድ እችል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። የልጅ ልጄ ሹካዋን በክዳኑ ላይ ታንኳኳ ነበር። ክጄ ካለፈልኝ ልጅቷ እኔ ጋ ትቀራለች፤ ካመንኩ ፔርሙዙ ብድግ ብሎ ይሄዳል፣ ልጅቷም አብራ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን ወንድሜ ደግሞ አሁን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ የሚንቀኝ ሰው እንደሚያይ ሳይሆን መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ዓሣው እየቀዘቀዘ እንደሆነ አሰብኩ፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ይህን ያስባል።

«ለምን?» አሉ ሐጃ።

«ተናደድኩ። ኒካው ላይ ማንም አልነገረኝም ምን እንደተባለ።»

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አጠገብሽ ነበርኩ።»

«አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቅሽም» አሉ። «እኔም አልነገርኩሽም። ያኔ ምን እንደተባለ ታውቂያለሽ? ለሁለቱ በረካ ይስጣቸው፣ በመልካም ያስማማቸው፤ እሱ ነው። አልቋል።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «አንተስ? እህትህ እሳት ግባ ብትልህ ትገባለህ?»

«ታናሽ ናት እኮ» አለ ወንድሜ። «ታናሽ እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃሉ።»

«ሰባት አሉኝ፤ አውቃለሁ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ትንሽ ላላ። «እንግዲህ ይሄ ምሳ ሳይመረቅ አይበላም። እሷ አትችልም፤ አፏ አልጠራም። አንተ በለው።»

«እኔ?» አለ ወንድሜ።

«እሷ የጻፈችውን። ወረቀቱን አየሁት፣ አጠገቧ ነው። የተጻፈውን ብቻ፤ የራስህንም የእሷንም አትጨምር… እጅህንም እዚያው ጭንህ ላይ አድርግ።»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላውቅም። ወረቀቱን ለወንድሜ ሰጠሁት። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ጠረገው፣ አደረገው። ጽሑፌን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብ ማየቴ ነበር። በግዕዝ ሲደግም ድምፁ ይሄዳል፤ በእኔ አማርኛ ግን ተደናቀፈ። «የተራራቅነውን» ላይ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በየመስመሩ አሜን አልኩ። ለእሱ አሜን ማለት ከበደኝ፤ አልኩ። ሐጃ መዳፋቸውን ከፍተው ነበር።

«አሁን ሁላችንም በየልባችን» አለ፣ ቆመ።

ዝም አልን። ወንድሜ ደረቱ ላይ በትንሹ አማተበ፤ ሸሚዙን የሚያስተካክል ይመስል። ሐጃ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ያን ዝምታ እኔ ለእነሱ ነበር ያዘጋጀሁት። ለራሴ ምን እንደምልበት አላሰብኩም ነበር፤ ምንም ሳልል አለፈ።

አማቼ ክዳኖቹን አነሣ። ሐጃ በቀኝ እጃቸው ከዓሣው ቆርሰው፣ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። አላመጡ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

«ለደም ግፊቴ ብዬ ነው» አልኩ።

«የኔም ደም ግፊት አለ። ግን ጨው አንሶታል።» ሁለተኛ ጎረሱ። ልጄም ወንድሜም አማቼም ያኔ መብላት ጀመሩ። ወንድሜ ቲላፒያውን እያገላበጠ፣ «ሥጋ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጀመረ። ስለ ቅዳሜው ጥብስ የማውቀው ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ምስሩን ገፋሁለት።

ፍሬው ሲመጣ ሐጃ ሙዙን አልነኩትም። እጃቸውን ታጥበው፣ አልሐምዱሊላህ ብለው፣ ልጁን ጠሩት።

«ልጅቷ ትምህርቷን ታቋርጣለች ወይ?»

«እማ፣ አንቺ እንዳልሽው…»

«እኔ ምንም አላልኩም። ታቋርጣለች ወይ ነው የምልህ።»

«ሞያሌ ከሄደች አዎ።»

«እንግዲህ እዚህ ትቀመጥ» አሉ። እግሬ ሥር ያለው ወለል የተመለሰ መሰለኝ። ሐጃ ግን አልጨረሱም። «እኔም እመጣለሁ። አራቱንም ወር።»

«እዚህ?» አልኩ። «እኔ ቤት?»

«ሌላ ክፍል የለሽም? አይቻለሁ፤ አለሽ።»

«ምግቡን ለመጠበቅ ከሆነ ሐጃ፣ እኔ ራሴ…»

«ምግብሽ ደህና ነው። ጨው ብቻ ነው የጎደለው» አሉ። «አፍሽን ነው የምጠብቀው። ልጅቷ አድማጭ ናት። ዛሬ አጎቷን እንዴት እንደወጋሽው ሰማች። ነገ እኔን በሌለሁበት እንዴት እንደምትወጊኝ እንድትሰማ አልፈልግም። ያለሁ እንደሆነ ትፈሪያለሽ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። እምቢ ካልኩ ልጅቷ ትሄዳለች። «እሺ» አልኩ፤ ልጄ ከወንበሯ ተነሥታ ሳመችኝ፤ በእኔ አዝና ይሁን ደስ ብሏት አልጠየቅኋትም።

ሁሉም ሳይሄዱ ሐጃ ክፍሉን ማየት ፈለጉ። የተጠቀለሉ መጋረጃዎች፣ የድሮ ፋይሎቼ፣ ማንም የማይለብሰው ካፖርት ያለበት ክፍል ነው። በመስኮቱ አንጻር ቆመው ፀሐይዋን አዩና፣ «ሰሜን በዚህ በኩል ነው?» አሉ።

«በዚያ በኩል ነው፤ ቁምሣጥኑ ያለበት።»

«ከናይሮቢ መካ ወደ ሰሜን ነው፤ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል» አሉ፤ ወጡ። ለሶላታቸው ቁምሣጥኑ ይነሣ አላሉም።

ልጄና አማቼ ሐጃንና ትንሿን ይዘው ሄዱ። ወንድሜ መኪናውን ለማንቀሳቀስ አልቸኮለም። ወደ ክፍሉ ስገባ ተከተለኝ። ቁምሣጥኑን በአንድ በኩል ያዝኩ፤ ከባድ ነው፣ በውስጡ የሠላሳ ዓመት ወረቀት አለ።

«ባዶ አድርገሽው ቢሆን ይሻል ነበር» አለ።

«አላደረግሁም። ያዝ።»

በሌላው በኩል ያዘ። ሁለታችንም ወደ ሰባ ዓመት የተጠጋን ሰዎች ነን፤ ቁምሣጥኑ ምንም አልተነቃነቀም።

«ይቅርታ አልጠየቅሽኝም» አለ፣ ትከሻውን እንጨቱ ላይ ጥሎ እየተነፈሰ።

ፊቱን አላየሁትም፤ ቁምሣጥኑ በመካከላችን ነበር። ሰባት ዓመት በእሱ ላይ የጫንኩት ጥፋት የእኔ ነበር፤ እሱ ግን «ያሳደግሽው ነው የመጣብሽ» ላለኝ ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ላነሣበት አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት።

«ይቅርታ» አልኩ። «አሁን ግፋ።»

ገፋ። ቁምሣጥኑ በእግሮቹ ወለሉን እየፋቀ አንድ ስንዝር ያህል ሄደ።